በገንዘብ የተገዙ ምስክሮች

ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቀድሞ የገዛውን መጠየቁ ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ ሻጩን ብቻ አምኖ ገመዱን አይቀበልም፤ በሬውን ጠምዶ ያረሰውን ጎረቤት ፈልጎ «ገራም ነውን? ቀንበርስ ይችላልን?» ብሎ ይጠይቃል። ቀሚስ ለማሠራት ያሰበች ወይዘሮም ባለፈው ዓመት ያሠራችውን ጎረቤቷን ሳታማክር ለሸማኔው ቀብድ አትሰጥም። በእንዲህ ያለው ገበያ ምስክሩ የታወቀ ሰው ነው፤ ቤቱ ይታወቃል፤ ጠባዩ ይታወቃል፤ ከሻጩ ጋር ዝምድና ወይም ቂም ያለው እንደሆነም ይታወቃል።

ገበያው ወደ ኢንተርኔት ከተሻገረ ወዲህ ግን ገዢው የሚጠይቀው ፊቱን አይቶት የማያውቀውን ሰው ሆኗል። አማዞንን በመሰሉ ታላላቅ መደብሮች ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ቀድመው የገዙ ሰዎች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እየሰጡ አስተያየታቸውን ይጽፋሉ። ይህም የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዋሺንግተን የሚኖር ልጅ አዲስ አበባ ላሉት እናቱ የደም ግፊት መለኪያ በመንገደኛ ሊልክ ሲያስብ አስቀድሞ የሚያነበው እነዚህኑ አስተያየቶች ነው። መለኪያው የተሳሳተ ቁጥር የሚያሳይ እንደሆነ ግን እናት ሕመማቸው ሳይሻል የተሻለ መስሏቸው መድኃኒታቸውን ሊተዉ ይችላሉ፤ ዕቃውን ለመመለስም ውቅያኖስ መሻገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ከነዚህ ምስክሮች መካከል በገንዘብ የተገዛውን ከእውነተኛው ለመለየት ምን ዘዴ እንዳለ በዛሬው ጽሑፋችን ለመመልከት አስበናል።

ዘዴው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ምስክር የሚመረምር ዳኛ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ምስክሩ ምን አለ? መቼ አለ? እርሱ ራሱስ ማን ነው? የኢንተርኔቱንም ምስክር የሚያጋልጡት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፤ ቃሉ፣ ቀኑና ያለፈ ታሪኩ። ሦስቱ ግን እኩል ክብደት የላቸውም፤ ብዙ ሰው የሚመካበት የመጀመሪያው ከሁሉ የደከመ መሆኑን እንደርስበታለን።

ምስክሩ እንዴት ይገዛል?

ከምርመራው በፊት ግዢው እንዴት እንደሚፈጸም ማወቅ ይበጃል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2013 የኒው ዮርክ ስቴት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ኤሪክ ሽናይደርማን አንድ ዓመት ያህል የፈጀ ምርመራ ውጤት ለሕዝብ ገለጹ። የመሥሪያ ቤታቸው መርማሪዎች በብሩክሊን የእርጎ መሸጫ ሱቅ ያለን ነን ብለው፣ የንግድ ቤቶችን ስም በኢንተርኔት ላይ እናሳምራለን ወደሚሉ ድርጅቶች ደወሉ፤ ሰዎች ስለ ሱቃችን ክፉ እየጻፉብን ነውና ምን ይሻለናል ሲሉም ምክር ጠየቁ። ሱቁ በዓለም ላይ የሌለ ሱቅ ነው። ከድርጅቶቹ አንዳንዶቹ ግን እርጎውን ሳይቀምሱ ምስጋናውን እንጽፍላችኋለን አሉ። ሲመረመር ጸሐፊዎቹ በፊሊፒንስ፣ በባንግላዴሽና በምሥራቅ አውሮፓ ተቀምጠው ለአንድ አስተያየት ከ1 እስከ 10 ዶላር የሚከፈላቸው ሰዎች ሆነው ተገኙ። በመጨረሻም 19 ድርጅቶች ሥራውን ሊያቆሙና በጠቅላላው ከ350,000 ዶላር በላይ መቀጫ ሊከፍሉ ተስማሙ።

ይህ የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ዕቃውን ያላየ ሰው ይጽፋል። ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይረቅቃል። ሼሪ ሂ፣ ብሬት ሆለንቤክና ዳቪዴ ፕሮዘርፒዮ የተባሉ በካሊፎርኒያ ያስተምሩና ያጠኑ የነበሩ ሦስት ተመራማሪዎች በፌስቡክ ላይ የተቋቋሙ የግል ማኅበሮችን እየተከታተሉ፣ በአማዞን ስለሚሸጡ 1,500 ያህል ዕቃዎች ያደረጉትን ጥናት በ2022 አሳተሙ። በነዚህ ማኅበሮች ውስጥ ሻጩ የዕቃውን ሥዕል ይለጥፋል፤ ፈቃደኛ የሆነው ሰው ዕቃውን በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ ዕቃው ሲደርሰው አምስት ኮከብ ሰጥቶ ምስጋና ይጽፋል፤ ጽሑፉ መውጣቱን ሲያሳይ ሻጩ የከፈለውን ገንዘብ በሙሉ ይመልስለታል፤ አንዳንዴም ጥቂት ጉርሻ ይጨምርለታል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ይህ ሰው ዕቃውን በእርግጥ ገዝቷል። ስለዚህ መደብሩ ከስሙ ጎን «የተረጋገጠ ግዢ» የሚለውን ምልክት ያደርግለታል። ብዙ ሰው ይህን ምልክት እንደ ማኅተም ይቆጥረዋል፤ ምልክቱ የሚመሰክረው ግን ዕቃው ከመደብሩ መገዛቱን እንጂ ገንዘቡ ኋላ በጓሮ በር አለመመለሱን አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፤ ምን አለ?

ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ማይል ኦት፣ ዬጂን ቾይ፣ ክሌር ካርዲና ጄፍሪ ሀንኮክ በ2011 ያቀረቡት ጥናት በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። በቺካጎ ከተማ 20 ሆቴሎችን መረጡ። ትሪፕአድቫይዘር ከተባለው የመንገደኞች ገጽ ስለነዚሁ ሆቴሎች የተጻፉ እውነተኛ የሚመስሉ 400 ምስጋናዎችን ሰበሰቡ። ከዚያም በኢንተርኔት ሥራ የሚቀበሉ ሰዎችን ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ዶላር እየከፈሉ፣ «የሆቴሉ ሠራተኛ እንደሆናችሁና አለቃችሁ እንደ እንግዳ ሆናችሁ ምስጋና እንድትጽፉ እንዳዘዛችሁ ቁጠሩ» ብለው ሌላ 400 የሐሰት ምስጋና አስጻፉ። በዚህ ዓይነት የትኛው ሐሰት እንደሆነ በእርግጥ የሚታወቅበት የጽሑፍ ክምር ተገኘ።

ከዚህ ክምር 160ውን ለሦስት ተማሪዎች ሰጥተው እውነቱን ከሐሰቱ እንዲለዩ ጠየቋቸው። ከሦስቱ የተሻለው ከ100 ውስጥ 62 ያህሉን ሲያገኝ፣ ያነሰው 53 ያህል ብቻ አገኘ። ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወረ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» የሚል ሰው ወደ 50 ያህል ማግኘቱ አይቀርም። ስሕተታቸውም በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ያደላ ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሐሰቱን እውነት ነው ብለው ወደ ማመን አዘነበሉ። ሰው የተጻፈለትን ሁሉ ማመን ይቀናዋልና። ቃላቱን እየቆጠረ እንዲለይ የተዘጋጀ የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ከ100 ወደ 90 የሚጠጋውን ለየ።

ፕሮግራሙ ምን አይቶ ለየ? እዚህ ላይ ያለው ምክንያት ከቁጥሩ ይልቅ ጠቃሚ ነው። በሆቴሉ ያደረ ሰው የሚያስታውሰው ቦታን ነው፤ መታጠቢያ ቤቱን፣ ፎቁን፣ የክፍሉን ጥበት፣ ዋጋውን። ያላደረ ሰው ግን የሚያስታውሰው ቦታ የለውም፤ ስለዚህ በቀላሉ ሊፈጥረው ወደሚችለው ነገር ይሄዳል። ከማን ጋር እንደ መጣ፣ ለምን ጉዳይ እንደ መጣ፣ ምን ያህል እንደ ተደሰተ ይናገራል። የሆቴሉን ሙሉ ስምና የከተማውን ስም ይደጋግማል፤ «እጅግ» እና «ከሁሉ የበለጠ» የሚሉ ቃላት ያበዛል። «እኔ» የሚለውንም ቃል ከእውነተኛው ይልቅ ያዘወትራል፤ ቀደም ብለው የነበሩ ጥናቶች ሐሰተኛ ራሱን መጥራት ይሸሻል ይሉ ነበር፤ እዚህ ግን ሐሰተኛው በቦታው መገኘቱን ለማሳመን «እኔ፣ እኔ» ማለቱን ያበዛል።

ልዩነቱ ግልጽ እንዲሆን ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን እኛው እናቀናብር። አንዱ «እኔና ባለቤቴ የጋብቻችንን በዓል ለማክበር ቺካጎ ሄደን በዚህ እጅግ ድንቅ ሆቴል ዐረፍን፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ መስተንግዶ አይቼ አላውቅም» ይላል። ሌላው «ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ግን ሁለት ሰው አያስቆምም፤ ሊፍቱ አጠገብ ያለ ክፍል ከሰጧችሁ ለውጡልን በሉ» ይላል። ሁለተኛው ሆቴሉን ያመሰገነው በቁጥብ ቃል ነው፤ ነገር ግን ያየውን ያወራል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር በዓለም ላሉ ሆቴሎች ሁሉ ይስማማል። ስለዚህ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ምስጋና የዕቃው ስም ቢለወጥ ለሌላ ዕቃ ይሆናልን?» ብሎ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ መቆም አይገባም። አርጁን ሙከርጂ፣ ቢንግ ሊዩና ናታሊ ግላንስ በ2013 ይህንኑ ቃል የመቁጠር ዘዴ ዬልፕ የተባለው ገጽ ተጠራጥሮ በደበቃቸው አስተያየቶች ላይ ሞከሩት። ውጤቱ ከ100 ወደ 68 ያህል ዝቅ አለ። በጥናት ቤት አንድ ዶላር የተከፈለው ጸሐፊ ለአንድ ቀን የተቀጠረ ሰው ነው፤ በገበያ ላይ ያለው ጸሐፊ ግን ሥራውን ለምዶታል፤ የእውነተኞቹን ጽሑፍ እያነበበ አነጋገራቸውን ይቀዳል። ገንዘቡ የሚመለስለት ሰው ደግሞ ዕቃው በእጁ ስላለ ክብደቱንና ቀለሙን ሳይቀር ሊገልጽ ይችላል። በአንጻሩ እንግሊዝኛው ያልጠራ ወይም ጽሑፍ የማይወድ እውነተኛ ገዢ «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ብቻ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በቃል ብቻ መፍረድ ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ማሰር ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከቃሉ ይልቅ የጸሐፊዎቹን አድራጎት፣ ማለት በአንድ ቀን ስንት እንደ ጻፉና ምን ያህል ጊዜ ከፍተኛውን ኮከብ እንደ ሰጡ በተመለከቱ ጊዜ ግን ውጤቱ ከ100 ከ80 በላይ ወጣ። ይህም ወደ ቀሩት ሁለት ጥያቄዎች ይመራናል።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ መቼ አለ?

እውነተኛ አስተያየት የሽያጭ ጥላ ነው። ዕቃው ሲሸጥ ይመጣል፤ ሽያጩ ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል። ገዢዎች ተማክረው ስላልገዙ ተማክረው አይጽፉም፤ አንዱ በሳምንቱ፣ ሌላው በሁለት ወሩ፣ ሌላው ዕቃው ሲበላሽበት ይጽፋል። ሻጭ ምስክር ሲገዛ ግን በጥድፊያ ነው፤ አዲስ ዕቃ ጥቂት ኮከብ ይዞ ከተቀመጠ ማንም አያየውምና። ስለዚህ ለወራት በወንፊት እንደሚወርድ ውሃ ሲንጠባጠብ የነበረው አስተያየት በድንገት እንደ ክረምት ጎርፍ ይሞላል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ይደርቃል።

ጎርፍ ሁሉ ግን ሐሰት አይደለም። የገና ሰሞን ስጦታ ይበዛል፤ ዋጋ በግማሽ ሲቀንስ ገዢ ይጎርፋል። ሁለቱን ጎርፎች የሚለየው ምልክት አንድ ነው። በርካሽ ዋጋ ምክንያት የመጣ ሕዝብ ልዩ ልዩ ሕዝብ ነው፤ ከመካከሉ የተደሰተም፣ ያልተደሰተም፣ ዕቃው ተሰብሮ የደረሰውም ይኖራል፤ ስለዚህ ከአምስት ኮከቡ ጋር አንድና ሁለት ኮከቡም አብሮ ያድጋል። የተገዛው ጎርፍ ግን አንድ ልብ ነው፤ አምስት ኮከቡ ብቻ ያድጋል፤ ቅሬታው በቦታው ይቀራል።

ቀኑ ሌላም ነገር ይናገራል። ከላይ የጠቀስናቸው የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች እንዳስተዋሉት፣ ሻጩ ምስክር እየገዛ ባለበት ጊዜ የኮከቡ አማካይና ሽያጩ ከፍ ይላል፤ መግዛቱን ሲያቆም ግን አማካዩ ይወርዳል፤ አንድ ኮከብ የሚሰጡት ሰዎችም ይበዛሉ። እነዚህ በሐሰቱ ምስጋና ተታለው የገዙት ናቸው። ስለዚህ ገጹ አስቀድሞ ደርድሮ የሚያቀርበውን ምስጋና ትቶ፣ አስተያየቶቹ ከአዲሱ ወደ አሮጌው እንዲደረደሩ አድርጎ ማንበብ ይገባል። የምስጋናው ጊዜ ካለፈ በኋላ ያለው ድምፅ የሚሰማው በዚያ ነው።

የዚህም ዘዴ ወሰን አለው። ብልህ ሻጭ ምስጋናውን በአንድ ጊዜ አያፈስም፤ በቀን ሁለት ሦስት እያደረገ ያንጠባጥበዋል። ያን ጊዜ ቀኑ ዝም ይላል፤ መጠየቅ ያለበት ሦስተኛው ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ማን ነው?

በብዙ ገጾች ላይ የአስተያየት ሰጪው ስም ሲነካ ቀድሞ የጻፈው ሁሉ ይወጣል። ቃል በአንድ ሰዓት ይፈጠራል፤ ቀንም ይከፋፈላል፤ ታሪክን መሥራት ግን ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ከሦስቱ የምናምነው ይህን ነው።

እውነተኛ ገዢ የሚያስወቅሰውም የሚያስመሰግነውም ያጋጥመዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ጫማ፣ መጽሐፍና ድስት ገዝቶ ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሦስት፣ ለአንዱ ሁለት ኮከብ ይሰጣል። የተገዛው ምስክር ግን የሚገዛው የሚያስፈልገውን ሳይሆን ገንዘቡ የሚመለስለትን ነው። በአንድ ሳምንት አራት የጆሮ ማዳመጫ ይገዛል፤ ሁሉም ስማቸው ካልታወቀ ፋብሪካዎች የመጡ ናቸው፤ ሁሉም «በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የሚበልጡ» ናቸው። ሰው በአንድ ሳምንት ከሕይወቱ ሁሉ የሚበልጥ አራት ነገር አያገኝም።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የሚገኘው ግን የአንዱን ሰው ታሪክ ከሌላው ሰው ታሪክ ጋር ሲያስተያዩት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የሐሰት ምስክሮችም በማኅበር ስለሚሠሩ የማኅበሩ ድር በታሪካቸው ላይ ይቀራል። በዓለም ላይ ቁጥር ስፍር የሌለው ዕቃ እያለ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ አምስት ሰዎች አንዱን የማይታወቅ መብራትና አንዱን የማይታወቅ ሚዛን በአንድ ሳምንት ገዝተው አምስት አምስት ኮከብ ቢሰጡ፣ ይህን በአጋጣሚ ሆነ ማለት ያስቸግራል። ከአንድ ማስታወቂያ ሥር የተሰለፉ ናቸው ማለት ይቀላል።

በዚህም ላይ ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል። አንዳንዱ ሰው ታሪኩን እንዳይታይ ይሸፍናል፤ መሸፈን ብቻውን ወንጀል አይደለም። አንድ ብቻ የጻፈም ሰው ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ከአንድ ይጀምራልና።

ሦስቱን በአንድ ዕቃ ላይ ስንፈትን

አሁን ወደዚያ የደም ግፊት መለኪያ እንመለስ። ሒሳቡ እንዲታይ ብለን እኛው ባቀናበርነው ምሳሌ እንሥራው። መለኪያው 300 አስተያየት አለው፤ አማካዩም 4.4 ኮከብ ነው። በችኮላ ለሚያይ ሰው ጥሩ ዕቃ ነው።

ቀኖቹን እንቁጠር። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት 20 ሰዎች ጻፉ፤ የሰጡት አማካይ 3.65 ነው። ከዚያ በ11 ቀናት ውስጥ 200 ሰዎች ጻፉ፤ ከነዚህም 190ው አምስት፣ 10ሩ አራት ኮከብ ሰጡ፤ ከአራት በታች የሰጠ አንድም ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባት ወራት 80 ሰዎች ጻፉ፤ ከመካከላቸው 25ቱ አንድ ኮከብ ብቻ ሰጡ፤ አማካያቸውም 3.2 ያህል ነው። እንግዲህ በ11ዱ ቀን የመጡትን 200 አውጥተን የቀሩትን 100 ብንደምር አማካዩ 3.3 ይሆናል። የ4.4ቱ ዝና ያደረው በ11 ቀናት ላይ ነው ማለት ነው። ተቃዋሚ የሌለበት ጎርፍ ስለሆነም የዋጋ ቅናሽ ነው ብለን ልንተወው አንችልም።

ቀጥለን ከ200ዎቹ ውስጥ የአሥሩን ስም እንክፈት። ሦስቱ ታሪካቸውን ሸፍነዋል፤ ስለነርሱ የምንለው የለም። ከቀሩት ሰባት ሁለቱ ልዩ ልዩ ኮከብ የሰጡ ተራ ገዢዎች ይመስላሉ። አምስቱ ግን በዕድሜያቸው ከአምስት በታች ሰጥተው አያውቁም፤ ከአምስቱም አራቱ አንድ ዓይነት የጆሮ ማዳመጫና አንድ ዓይነት የጠረጴዛ መብራት በዚያው ወር አመስግነዋል። እዚህ ላይ ጥርጣሬው ወደ ማስረጃ ይጠጋል።

ቃሉን የምናነበው በመጨረሻ ነው። በጎርፉ ጊዜ የተጻፉት «ለእናቴ ገዛሁላት፤ እጅግ ወደደችው፤ ከሁሉ የበለጠ መለኪያ ነው» ይላሉ። ኋላ የመጡት ግን «ማሰሪያው ወፍራም ክንድ ላይ አይደርስም»፣ «በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለክቼ በ25 ተለያየብኝ» ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ስለ እናታቸው ደስታ፣ ሁለተኛዎቹ ስለ ዕቃው ይናገራሉ። ቃሉ ብቻውን አያስፈርድም ነበር፤ ከቀኑና ከታሪኩ ጋር ሲስማማ ግን ይጸናል። ፍርዳችንም «ይህ ሻጭ ሌባ ነው» የሚል አይደለም፤ ለዚያ ሕግና መርማሪ አለ። ፍርዳችን «የ200ዎቹን ቃል አንቀበልም፤ ዕቃውን በቀሩት 100 እንመዝናለን» የሚል ነው፤ ገንዘቡን ለያዘ ሰው ይህ ይበቃዋል።

ነቀፋም ይገዛል

የሐሰት ምስክር ለማመስገን ብቻ የሚቆም አይደለም። ማይክል ሉካና ጊዮርጎስ ዜርቫስ በ2016 ባሳተሙት ጥናት በቦስተን ከተማ ስላሉ ምግብ ቤቶች ዬልፕ ላይ የተጻፈውን መረመሩ። ከአስተያየቶቹ 16 በመቶ ያህሉ ገጹ ተጠራጥሮ የለያቸው ነበሩ። ምግብ ቤቱ ዝናው ሲደክም ወይም ጥቂት ሰው ብቻ የጻፈለት ሲሆን የሚያጠራጥረው ምስጋና ይበዛል፤ በአንጻሩ ተመሳሳይ ምግብ የሚሸጥ ተፎካካሪ አጠገቡ ሲበረታበት የሚያጠራጥረው ነቀፋ ይበዛል። በየከተማው ቅርንጫፍ ያላቸው የታወቁ ምግብ ቤቶች ግን ደንበኛው አስቀድሞ ስለሚያውቃቸው በዚህ ሥራ የመግባት ምክንያታቸው ያነሰ ነው። ስለዚህ በአንድ ሳምንት አሥር አንድ ኮከብ የወረደበትን ትንሽ ነጋዴ ከማውገዝ በፊት ለነቀፋውም ሦስቱን ጥያቄዎች ማቅረብ ፍትሕ ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መሸጥንም መግዛትንም የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ደንቡ ከኦክቶበር 21 ቀን 2024 ጀምሮ ጸንቷል። ይሁን እንጂ ሻጩ ባሕር ማዶ፣ ማኅበሩ በተዘጋ ክፍል ሲሆን የሕጉ እጅ ለመድረስ ይዘገያል፤ ገዢው ግን ዛሬ ማታ ይገዛል።

በመጨረሻም ከሐሰተኛው ምስክር ባሻገር ያለውን አንድ ነገር እንጨምር። እውነተኛው ምስክር እንኳ የሚመሰክረው ያየውን ብቻ ነው። የመለኪያው ማሰሪያ እንደማይደርስ፣ ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅ ሊነግረን ይችላል፤ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ግን በቤቱ ሆኖ ሊያውቅ አይችልም፤ እናቱ «ወደዱት» ማለትም መለኪያው ይለካል ማለት አይደለም። ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው ሌላ ዓይነት ምስክር ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ትክክለኛነታቸው በሥርዓት የተፈተነ የደም ግፊት መለኪያዎችን ዝርዝር ከ2020 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ልጁ የመረጠውን መለኪያ ስም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ይፈልግ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ማሰሪያውና ስለ ባትሪው የገዢዎቹን ቃል ይስማ። ዕቃው አዲስ አበባ ሲደርስም እናት ወደ ሐኪማቸው በሚሄዱበት ቀን መለኪያውን ይዘው ይሂዱና ከሐኪሙ መለኪያ ጋር ጎን ለጎን ይለኩበት። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ የሦስት መቶ ሰው ኮከብ አያስፈልጋቸውም፤ ከተራራቁም የሦስት መቶ ሰው ኮከብ አያድናቸውም።